አንድ አይሱዙ፣ አንድ የዳቦ ምድጃ፤ ቋሚ ንብረት ሲሸጥ የሚመጣው የግብር ማስተካከያ በድሬዳዋ አንድ ድርጅት

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በድሬዳዋ ከተማ ዳቦና ብስኩት እየጋገረ ለከተማው ሱቆች፣ ለሐረር እና ለጅግጅጋ ደንበኞቹ የሚያከፋፍል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ድርጅቱ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ሲሆን፣ የግብር ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው ነው። በ2015 የግብር ዓመት፣ ማለትም ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ድርጅቱ ሁለት ዋና ዋና ቋሚ ንብረቶችን ሸጠ፤ አንደኛው ከተገዛበት ዋጋ በላይ የተሸጠ የጭነት መኪና ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ከተገዛበት ዋጋ በእጅጉ አንሶ የተሸጠ ምድጃ ነው። የድርጅቱ የሒሳብ ሠራተኛ ያዘጋጀው ረቂቅ የግብር ማስታወቂያ ከመቅረቡ በፊት እንድመረምረው የተጠየቅሁት በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነበር። ረቂቁ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ድምሮቹም የተስተካከሉ ነበሩ፤ ሆኖም የሁለቱ ንብረቶች ሽያጭ የተስተናገደበት መንገድ ግብር የሚከፈልበትን ገቢ በብዙ መቶ ሺህ ብር አሳንሶት ነበር። የድርጅቱንና የሰዎቹን ማንነት ላለመግለጽ ስል ስማቸውን አልጠቅስም።

ሕጉ የሚለው

በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት አንድ ነጋዴ ለንግዱ የሚገለገልበትን መኪና ወይም መሣሪያ የገዛበትን ገንዘብ በገዛበት ዓመት በአንድ ጊዜ ከገቢው ላይ አይቀንስም። ይልቁንም ንብረቱ እያረጀ በሄደ ቁጥር በየዓመቱ የተወሰነውን መጠን የእርጅና ቅናሽ አድርጎ ይወስዳል። መጠኑን የሚወስነው ደንብ ቁጥር 410/2009 ነው፤ ቀጥተኛውን የእርጅና ቅናሽ ዘዴ ለሚከተል ድርጅት፣ ከኮምፒውተርና በልዩ መደብ ከተቀመጡት ሌሎች ንብረቶች ውጪ ያለው መኪናና መሣሪያ በየዓመቱ የተገዛበትን ዋጋ 15 በመቶ ይቀንሳል። ድርጅታችን የሚከተለውም ይህንኑ ነው። ከተገዛበት ዋጋ ላይ እስከዚያ ጊዜ የተወሰደው የእርጅና ቅናሽ ሲነሳ የሚቀረው መጠን፣ በዚህ ጽሑፍ የግብር ዋጋ እያልኩ የምጠራው ነው።

ንብረቱ በተሸጠ ጊዜ ሕጉ ሒሳቡን ይዘጋዋል። የሽያጩ ዋጋ በዚያን ጊዜ ካለው የግብር ዋጋ ከበለጠ ብልጫው በንግድ ሥራ ገቢ ውስጥ ይደመራል፤ ካነሰ ደግሞ ጉድለቱ እንደ ወጪ ይቀነሳል። የመጀመሪያውን የማስተካከያ ገቢ፣ ሁለተኛውን የማስተካከያ ተቀናሽ ብለን ብንጠራቸው የሚሠሩት ሥራ ግልጽ ይሆናል። ለዓመታት ሲቀነስ የቆየው 15 በመቶ ግምት ነው፤ ንብረቱ በእርግጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳጣ የሚታወቀው ግን በሽያጩ ቀን ብቻ ነው። ማስተካከያው ግምቱን ከእውነቱ ጋር ያገናኘዋል።

ከዚህ የሚከተል አንድ እኩልነት አለ፤ የዚህ ጉዳይ ፍሬ ነገርም እርሱ ነው። ንብረቱ ከተገዛበት ቀን እስከተሸጠበት ቀን ባሉት ዓመታት ሁሉ ከግብር ገቢ ላይ የተቀነሰው ጠቅላላ መጠን፣ በመጨረሻ የተደመረው ማስተካከያ ሲነሳለት ወይም የተቀነሰው ማስተካከያ ሲታከልበት፣ ከግዢው ዋጋ ላይ የሽያጩ ዋጋ ሲቀነስ ከሚገኘው ልዩነት ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ካልገጠመ አንድ ቦታ ላይ ሒሳቡ ተሳስቷል ማለት ነው። ረቂቁን የመረመርኩት በዚህ መለኪያ ነበር።

መኪናው

መኪናው ኤፍ ኤስ አር አይሱዙ ሲሆን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተገዝቶ ወዲያው ሥራ ጀመረ። ተጨማሪ እሴት ታክስን ሳይጨምር የተገዛበት ዋጋ 1,120,000 ብር ነበር፤ የጭነት አካሉን ለማሠራት ደግሞ 80,000 ብር ወጥቷል። መኪናው ያለ ጭነት አካሉ ለተገዛበት ሥራ ስለማይውል ሁለቱ ተደምረው የመኪናው ዋጋ 1,200,000 ብር ሆኖ ተመዘገበ፤ ይህም ትክክል ነበር። በዚህ መሠረት የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 180,000 ብር ነው። ከ2011 እስከ 2014 ባሉት አራት የግብር ዓመታት 720,000 ብር ተቀንሷል፤ ስለዚህ በሰኔ 30 ቀን 2014 የመኪናው የግብር ዋጋ 480,000 ብር ነበር።

መኪናው የተሸጠው በታኅሣሥ 2015 መጨረሻ በ1,900,000 ብር ነው። ገዢው በዚህ ላይ 285,000 ብር ተጨማሪ እሴት ታክስ ከፍሏል፤ ይህ ገንዘብ ድርጅቱ ለመንግሥት ሰብስቦ የሚያስረክበው እንጂ የመኪናው ዋጋ አይደለምና በማስተካከያው ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የባንክ ደብተሩ 2,185,000 ብር ስለሚያሳይ ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር እንዳለ ይወሰዳል፤ በዚህ ድርጅት ግን አልሆነም።

የመኪናው የማስተካከያ ገቢ እንግዲህ 1,900,000 ብር ሲቀነስ 480,000 ብር፣ ማለትም 1,420,000 ብር ነው። በ30 በመቶ የሚያስከትለው ግብር 426,000 ብር ይሆናል።

ባለቤቱ ይህን ቁጥር ሲሰማ አልተቀበለውም። «እኔ ከዚህ ሽያጭ ያተረፍኩት የለም፤ ዛሬ በዚህ ብር ተመሳሳይ መኪና ግማሹን እንኳ አልገዛም» አለ። ንግግሩ እውነትነት አለው፤ የብር የመግዛት አቅም በወረደበት ጊዜ ውስጥ የአሮጌ መኪና ዋጋ በብር ሲቆጠር ይወጣል፣ የሚተካው አዲስ መኪና ዋጋ ግን ከዚያም በላይ ይወጣል። ነገር ግን ሕጉ ለመኪና የተገዛበትን ዋጋ በዋጋ ንረት አያሻሽልም፤ የሽያጩ ገንዘብ ለአዲስ መኪና መግዣ መዋሉም ማስተካከያውን አያስቀረውም ወይም አያስተላልፈውም። አዲሱ መኪና የራሱ ዋጋና የራሱ የእርጅና ቅናሽ አለው። ይህ በነጋዴው ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከባድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በተለይም የሽያጩ ገንዘብ በሙሉ ለአዲሱ መኪና ቅድሚያ ክፍያ ከዋለ በኋላ ግብሩ ሲመጣ። በዚህ ድርጅት የሆነውም ይኸው ነበር፤ ገንዘቡ በጥር ወር ወጥቶ አልቋል፣ ግብሩ የሚፈለገው ደግሞ በጥቅምት ነው።

1,420,000 ብሩን ለሁለት ከፍሎ ማሳየት ነገሩን ለባለቤቱ በመጠኑ አቀለለት። 720,000 ብሩ በአራቱ ዓመታት የእርጅና ቅናሽ ተብሎ ከገቢው ላይ የተነሳለትና በዚያን ጊዜ ግብር ያልከፈለበት ገንዘብ ነው፤ መኪናው ዋጋ እያጣ ነው ተብሎ የተሰጠው ቅናሽ፣ መኪናው ዋጋ ሳያጣ ስለተሸጠ ተመልሶ ይቆጠራል። የቀረው 700,000 ብር ከተገዛበት ዋጋ በላይ የተገኘ ነው። የጭነት መኪና የማይንቀሳቀስ ንብረት ወይም አክሲዮን ስላልሆነ በካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር የሚስተናገድ ነገር የለውም፤ ሁለቱም ክፍሎች በንግድ ሥራ ገቢ ውስጥ ገብተው በ30 በመቶ ግብር ይከፈልባቸዋል። የተሸጠው ሕንፃ ቢሆን ኖሮ 15 በመቶ ግብር የሚጣልበት ሌላ ድንጋጌ ስለሚመጣ ሒሳቡ በዚህ መንገድ አይሄድም ነበር።

በሽያጩ ዓመት የስድስት ወሩ ቅናሽ

መኪናው በ2015 የግብር ዓመት ውስጥ ለስድስት ወር ሠርቷል። የሒሳብ ሠራተኛው ለእነዚህ ስድስት ወራት 90,000 ብር የእርጅና ቅናሽ ወሰደ፤ የድርጅቱ ቀድሞ የነበረ ሒሳብ ያዥ ደግሞ በሽያጩ ዓመት ቅናሽ አይወሰድም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ብዙ ጊዜ እንደወሰደ ነግረውኛል። ግን ውጤቱን አይለውጥም። ቅናሹ ከተወሰደ የግብር ዋጋው ወደ 390,000 ብር ይወርዳል፤ የማስተካከያ ገቢውም 1,510,000 ብር ይሆናል፤ ከዚህ ላይ 90,000 ብሩ ሲነሳ 1,420,000 ብር ይቀራል። ቅናሹ ካልተወሰደም ያው 1,420,000 ብር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ማስታወቂያ ውስጥ ስለሚገቡ አንዱ በጨመረ መጠን ሌላው ይጨምራል። የሚያስፈልገው ወጥነት ብቻ ነው፤ 90,000 ብሩን ቀንሶ የግብር ዋጋውን 480,000 ብር ላይ መተው ግን ያንኑ ገንዘብ ሁለት ጊዜ መቀነስ ይሆናል።

ስህተቱ የገባበት ቦታ

ድርጅቱ ለራሱ የሒሳብ መግለጫ መኪናው አሥር ዓመት ያገለግላል ብሎ በየዓመቱ 10 በመቶ፣ ማለትም 120,000 ብር ያስረጀው ነበር። ይህ የሒሳብ አያያዝ ውሳኔ ነው፤ የደንገጎን ዳገት በየሳምንቱ ለሚወጣ መኪና አሥር ዓመት መስጠት ምን ያህል ተገቢ እንደሆነ ኦዲተሩ ሊጠይቅ ይችላል፣ ግብሩ ግን በራሱ 15 በመቶ ነው የሚሄደው። በየዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ሲዘጋጅ የሒሳብ ሠራተኛው 120,000 ብሩን ወደ ትርፉ ይመልስና 180,000 ብሩን ይቀንስ ነበር። እስከ 2014 ድረስ ያለው ሥራው ትክክል ነው።

በ2015 መኪናው ሲሸጥ በድርጅቱ መዝገብ ላይ የአራት ዓመት ከስድስት ወር እርጅና፣ ማለትም 540,000 ብር ተነሥቶለት 660,000 ብር ዋጋ ቀርቶት ነበር። ስለዚህ የትርፍና ኪሳራ መግለጫው «ከቋሚ ንብረት ሽያጭ የተገኘ ትርፍ» በሚል 1,240,000 ብር አሳየ። የሒሳብ ሠራተኛው የዓመቱን የእርጅና ልዩነት እንደ ልማዱ አስተካከለ፤ በድርጅቱ የሒሳብ መጽሐፍ የተያዘውን 60,000 ብር መለሰ፣ የግብሩን 90,000 ብር ቀነሰ። የሽያጩን ትርፍ ግን እንዳለ ተወው፤ ምክንያቱም ትርፉ በገቢ ውስጥ መካተቱን ስላየ የቀረ ነገር ያለ አልመሰለውም።

የቀረው ግን ብዙ ነው። 1,240,000 ብሩ የተሰላው ከ660,000 ብር የመዝገብ ዋጋ ነው፤ ግብሩ የሚጠይቀው ደግሞ ከ390,000 ብር የግብር ዋጋ ተነሥቶ የሚገኘውን 1,510,000 ብር ነው። በመሃል ያለው 270,000 ብር ከማስታወቂያው ውጪ ቀርቷል። መለኪያችን ይህን ወዲያው ያጋልጠዋል። በረቂቁ መሠረት መኪናው በዕድሜው ሁሉ 720,000 ብር እና 90,000 ብር ቅናሽ አግኝቶ 1,240,000 ብር ገቢ አስገብቷል፤ ስለዚህ በጠቅላላው ወደ ግብር ገቢ የጨመረው 430,000 ብር ብቻ ይሆናል። መኪናው ግን 1,200,000 ብር ተገዝቶ 1,900,000 ብር ነው የተሸጠው፤ መጨመር ያለበት 700,000 ብር ነው። የጎደለው 270,000 ብር ለአራት ዓመት ተኩል በግብር በኩል በፍጥነት የተወሰደውና በሽያጩ ጊዜ ያልተመለሰው የእርጅና ልዩነት ራሱ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ሁለት እርምጃ አለው። በመጀመሪያ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ያለው የሽያጭ ትርፍ ወይም ኪሳራ ሙሉ በሙሉ ከግብር ሒሳቡ ይወጣል፤ ከዚያም በግብር ዋጋው ላይ ተመሥርቶ የተሰላው ማስተካከያ በምትኩ ይገባል። አንዱን ሠርቶ ሌላውን መተው አይቻልም።

በሌላ በኩል የቀድሞው ሒሳብ ያዥ ያቀረበው ሐሳብም መነሻው ሊታወቅ ይገባል። እርሱ የመኪናው ሽያጭ ዋጋ ከቀሩት ንብረቶች ጠቅላላ ዋጋ ላይ ይነሳና የወደፊቱ የእርጅና ቅናሽ ያንሳል እንጂ ለዚህ ዓመት የሚደመር ገቢ የለም ይል ነበር። ይህ በአዋጅ ቁጥር 286/1994 ዘመን የነበረ አሠራር ነው፤ በዚያ ሕግ መኪናና መሣሪያ በምድብ ተጠቃሎ በአንድ ላይ ያረጅ ነበር፣ የተሸጠው ንብረት ዋጋ ከምድቡ ይቀነሳል፣ ምድቡ ከዜሮ በታች ሲወርድ ብቻ የወረደው መጠን ወደ ግብር ገቢ ይደመራል። ለብዙ ዓመታት በዚያ ሕግ የሠራ ሰው እንዲህ ቢያስብ አያስደንቅም። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከሐምሌ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል፤ በዚህ አዋጅ ማስተካከያው ለእያንዳንዱ የተሸጠ ንብረት ለየብቻው ይሠራል።

ምድጃው

ምድጃው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ከነመትከያው 800,000 ብር የተገዛ ባለ እንፋሎት ምድጃ ነው። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ ከኖራ ዓይነት ማዕድን የተነሳ ጠንካራ መሆኑን የከተማው ነዋሪ ሁሉ ከማንቆርቆሪያው ያውቀዋል፤ ድርጅቱ የውኃ ማለስለሻ ሳይገጥም በመሥራቱ የእንፋሎቱ ክፍል በሁለት ዓመት ውስጥ በንጣፍ ተዘጋ፣ ቱቦዎቹም ተበሉ። ከጥገና ይልቅ መሸጥ ተመረጠና በታኅሣሥ 2015 መጨረሻ በ200,000 ብር ተሸጠ።

በግብር በኩል በ2013 እና በ2014 በየዓመቱ 120,000 ብር፣ በድምሩ 240,000 ብር ተቀንሷል፤ የግብር ዋጋው 560,000 ብር ነበር። ስለዚህ ምድጃው በሽያጩ ዓመት የሚያስቀንሰው ጠቅላላ መጠን 360,000 ብር ነው፤ የስድስት ወሩን 60,000 ብር ለይተን ብንወስድም ቀሪው 300,000 ብር ማስተካከያ ይሆንና ድምሩ አይለወጥም። በረቂቁ ላይ ግን የግብሩ 60,000 ብር ከተቀነሰ በኋላ በመጽሐፉ የተመዘገበው 400,000 ብር ኪሳራም እንዳለ ተቀንሷል፤ ምክንያቱም በመዝገቡ የምድጃው ዋጋ ገና 600,000 ብር ነበር። ሲደመር 460,000 ብር፣ ማለትም ከሚገባው 100,000 ብር በላይ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አንዱ ንብረት አትርፎ ሌላው ከስሮ እያለ የሁለቱም ስህተት ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዱ ነው። የግብሩ እርጅና ከመጽሐፉ በፈጠነ ቁጥር የመጽሐፉ ትርፍ ከግብሩ ያነሰ፣ የመጽሐፉ ኪሳራም ከግብሩ የበለጠ ይሆናል፤ ሁለቱም ግብሩን ያሳንሳሉ። የአንዱ ስህተት የሌላውን ያጣፋዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። ድርጅቱ በመጽሐፉ ከ15 በመቶ በላይ የሚያስረጅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ስህተቱ በተቃራኒው ሄዶ ያለ አግባብ ብዙ ግብር ያስከፍለው ነበር።

የምድጃው ሽያጭ ሌላም ጥያቄ ነበረበት። ገዢው በሐረር ዳቦ ቤት ያለው የባለቤቱ ወንድም ነው። በዝምድና ወይም በጥቅም የተሳሰሩ ሰዎች ሲሻሻጡ ሕጉ በውሉ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ እንዲቀበል አይገደድም፤ የገበያ ዋጋው እንደ ሽያጭ ዋጋ ሊወሰድ ይችላል። የምድጃው የገበያ ዋጋ 320,000 ብር ነው ቢባል የሚቀነሰው 360,000 ብር ወደ 240,000 ብር ይወርዳል፤ ልዩነቱ በግብር 36,000 ብር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ዋጋው እንዴት ተወሰነ የሚል ሆነ። ባለቤቱ ምድጃውን ለወንድሙ ከመስጠቱ በፊት ለሌሎች ሁለት ዳቦ ቤቶች አሳይቶ ነበር፤ አንደኛው 180,000 ብር፣ ሌላኛው 190,000 ብር እንደሚገዛ በጽሑፍ ሰጥተዋል። የመካኒኩ የብልሽት ዝርዝርና የቱቦዎቹ ፎቶግራፎችም ነበሩ። ሁሉም ከሽያጩ ቀን በፊት የተዘጋጁ መሆናቸው ዋጋቸውን ከፍ ያደርገዋል፤ ጥያቄ ከተነሣ በኋላ የሚጻፍ ማስረጃ እምብዛም አያሳምንም። እነዚህን ወረቀቶች ከሽያጭ ደረሰኙ ጋር በአንድ ማኅደር አስቀመጥናቸው፤ 200,000 ብሩንም እንደ ሽያጭ ዋጋ ያዝን።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች

በቋሚ ንብረት መዝገቡ ላይ ዜሮ የደረሱ ሁለት አሮጌ የሊጥ ማቡኪያዎች ነበሩ። በዓመቱ ውስጥ ለብረት ገዢ 45,000 ብር ተሸጠዋል፤ ገንዘቡ ግን በመዝገቡ ላይ ዋጋ ስለሌላቸው በሚል ለጥቃቅን ወጪ ሣጥን ገብቶ ገቢ ሳይመዘገብ ቀርቷል። የግብር ዋጋው ዜሮ የሆነ ንብረት ሲሸጥ ሙሉው ዋጋ የማስተካከያ ገቢ ነው፤ በ15 በመቶ የሚያረጅ ንብረት ደግሞ በስድስት ዓመት ከስምንት ወር ውስጥ ዜሮ ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ድርጅት ቅጥር ግቢ ውስጥ «ያለቀለት» ተብሎ የተቀመጠ ብረት ሁሉ ሲወጣ ገቢ ነው።

የመኪናውን ገዢ ያገናኘው ደላላ 38,000 ብር ተከፍሎታል፤ ደረሰኝ ግን አልሰጠም። ክፍያው የሽያጩ ወጪ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በተገቢው ማስረጃ ስላልተደገፈ ልንቀንሰው አልቻልንም።

በድርድሩ ወቅት ደላላው የመኪናው ውል በ1,200,000 ብር እንዲጻፍ ሐሳብ አቅርቦ እንደነበርም ባለቤቱ ነግሮኛል። ይህ ሕገ ወጥ ከመሆኑ ሌላ ገዢውንም ይጎዳል። በውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ለገዢው የእርጅና ቅናሽ መነሻ ነው፤ 700,000 ብር ቢደበቅ ገዢው በየዓመቱ 105,000 ብር ቅናሽ ያጣል፣ መልሶ በሸጠ ጊዜ ደግሞ እርሱ ያላገኘው ትርፍ የእርሱ ገቢ ሆኖ ይቆጠርበታል። ገዢው የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ በመሆኑ በትክክለኛው ዋጋ ደረሰኝ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ሐሳቡም በዚያ ቀረ።

የተስተካከለው ማስታወቂያ

በረቂቁ መሠረት ከእነዚህ ሽያጮች የተነሳ ወደ ግብር ገቢ የተጨመረው የተጣራ መጠን 690,000 ብር ነበር፤ ከመኪናው 1,150,000 ብር ተጨምሮ፣ ከምድጃው 460,000 ብር ተቀንሶ። በትክክለኛው ሒሳብ ከመኪናው 1,420,000 ብር እና ከማቡኪያዎቹ 45,000 ብር ተደምሮ፣ ለምድጃው 360,000 ብር ተቀንሶ 1,105,000 ብር ይመጣል። ልዩነቱ 415,000 ብር ነው፤ ግብሩ 124,500 ብር። ማስታወቂያው ገና አልቀረበም ነበርና ይህ ገንዘብ ያለ ቅጣትና ያለ ወለድ ሊከፈል ቻለ። የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ ባሉት አራት ወራት ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ ማስታወቂያው ከጥቅምት 30 ቀን 2016 በፊት ገባ።

ባለቤቱ የመጨረሻ ጥያቄው መኪናውን በሐምሌ ቢሸጠው ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚል ነበር። የግብሩ መጠን አይቀርም፤ እንዲያውም በ2015 የግብር ዓመት ሙሉው 180,000 ብር ቅናሽ ስለሚወሰድ የግብር ዋጋው ወደ 300,000 ብር ይወርድና ማስተካከያው በዚያው ልክ ያድጋል። የሚለወጠው የመክፈያው ጊዜ ነው፤ ሽያጩ በሐምሌ 2015 ቢሆን ማስተካከያው የ2016 የግብር ዓመት ገቢ ሆኖ ግብሩ እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ይዘገይ ነበር። የሽያጩን ገንዘብ ለቅድሚያ ክፍያ ለሚያውል ድርጅት አንድ ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። በታኅሣሥ መሸጥ ግድ ከሆነም፣ ከሽያጩ ዋጋ ላይ የግብር ዋጋውን ቀንሶ የሚቀረውን 30 በመቶ ወዲያው ለይቶ ማስቀመጥ ይገባው ነበር፤ ይህ ስሌት ውሉ ከመፈረሙ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የሚያልቅ ነው።

ከዚህ በኋላ የድርጅቱ የቋሚ ንብረት መዝገብ ከመጽሐፉ ዋጋ ጎን የግብር ዋጋን የሚያሳይ ዓምድ እንዲኖረው አደረግን፤ ለእያንዳንዱ ንብረት የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ እስካሁን በግብር በኩል የተወሰደው ቅናሽ እና ቀሪው ተለይቶ ይጻፋል። ለአንዳንዶቹ አሮጌ መሣሪያዎች የግዢ ደረሰኝ ማግኘት አልተቻለም፤ ለእነዚህ ባለፉት የግብር ማስታወቂያዎች የተጠየቀውን ቅናሽ ወደኋላ ተከትለን መነሻ ዋጋቸውን አረጋገጥን፤ በማስታወቂያዎቹም ያልተገኙትን የግብር ዋጋቸው ዜሮ ነው ብለን መዘገብናቸው። አዲሱ መኪናም ከጭነት አካሉ ጋር፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሳይጨመር፣ ሥራ በጀመረበት ቀን በዚሁ ዓምድ ገብቷል።